ያልጋበዛችሁትን ስልክ ከዋይፋያችሁ ማስወጣት፣ ተመልሶም እንዳይገባ ማድረግ

ብሎክ ያደረጋችሁት ስልክ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣባችሁ? ወይስ ፓስወርድ ቀይራችሁ በሳምንቱ ዋይፋዩ እንደገና መንቀራፈፍ ጀመረ? ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እንግዳውን ማባረር ላይ ይቸኩልና የገባበትን ቀዳዳ ሳይደፍን ይተወዋል።

እዚህ የምነግራችሁን ሁሉ በቅርቡ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሠርቼዋለሁ። ባለቤቷ እትዬ ከጓሮ ሦስት ክፍል ያከራያሉ። «ልጄ፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ቪዲዮ ግን አንድ ደቂቃ አይሄድልኝም» ብለው ጠሩኝ። የሳቸውን ቤት እንደ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

## ደረጃ 1፦ ምንም ከመንካታችሁ በፊት

የራውተሩን ሆድ ፎቶ አንሱ። ከሥሩ ወይም ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት አለ። እሱ ላይ የመግቢያ አድራሻው (`192.168.1.1` የሚመስል)፣ ወደ ሴቲንጉ መግቢያ ስምና ፓስወርድ፣ ከፋብሪካ የመጣው የዋይፋይ ፓስወርድም ይገኛል። ወረቀቱ ከደበዘዘ በስልካችሁ መብራት አስጠግታችሁ አንሱት።

የመስመራችሁን ስምና ፓስወርድ ፈልጉ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ኢንተርኔት ሲገባላችሁ ባለሙያው ራውተሩ ውስጥ የሞላው ነው። ውል ስትፈርሙ ከተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁና ካጣችሁት 994 ደውላችሁ ጠይቁ።

ሪሴት የሚባለውን ቀዳዳ አትንኩ። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሱቅ ሴቲንጉ አልከፈት ሲለኝ ቀዳዳውን በመርፌ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫንኩት። ራውተሩ እንደ አዲስ ተነሣ፣ ዋይፋዩም በፋብሪካው ስም መጣ። ኢንተርኔቱ ግን የለም! የመስመሩ ስምና ፓስወርድ አብሮ ተሰርዟል። ባለ ሱቁ ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ዋለ፣ እኔም ሁለት ቀን በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ሪሴት የመጨረሻው መጨረሻ ነው፣ እሱም የመስመሩ ስምና ፓስወርድ በእጃችሁ ካለ ብቻ።

መብራት እየሄደ እየመጣ ከሆነ ለሌላ ቀን አሳድሩት። በተለይ ራውተሩ `Firmware Upgrade` የሚል ነገር ቢያሳያችሁ በዚያ ቀን እንዳትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ራውተሩ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።

## ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ዋይፋዩን የሚጠቀም ዕቃ ሁሉ ይጻፍ። ስልክ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ የሚይዝ የዲሽ ሪሲቨር፣ ፕሪንተር፣ ካሜራም አለ። ልጆቹ ጨዋታ የሚጫወቱበት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክም እንዳይረሳ።

እትዬ ቤት ስድስት ጻፍን። የሳቸው ስልክ፣ የልጃቸው፣ የሴት ልጃቸው፣ ፓስወርዱን የሰጡት የአንድ ተከራይ ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ቴሌቪዥን። «ሌላስ?» አልኳቸው። «ሌላ የለም» አሉኝ። ይህን መልስ ያዙልኝ።

## ደረጃ 3፦ ወደ ራውተሩ ግቡ

1. ከዋይፋዩ ጋር ተገናኙ። ላፕቶፕና የኔትወርክ ኬብል ካላችሁ ግን በኬብሉ ሥሩ፣ ፓስወርድ ስትቀይሩ አይቋረጥባችሁም።
2. በስልክ ከሆነ ዳታውን አጥፉ። ካላጠፋችሁት ስልኩ አድራሻውን በሞባይል ኔትወርክ በኩል ሊፈልገው ይችላል። «ገጹ አይከፈትም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው።
3. ብራውዘር ክፈቱና ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ የራውተሩን ቁጥር ጻፉ። ጉግል መፈለጊያው ውስጥ አይደለም።
4. «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ። የቤታችሁን ራውተር ነው የምትከፍቱት፣ እለፉት።
5. ከሥሩ ፎቶ ባነሣችሁት ስምና ፓስወርድ ግቡ።

አድራሻው ካልሠራ፦ በስልካችሁ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የተገናኛችሁበትን ስም ነክታችሁ `Gateway` ወይም `Router` ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር አንብቡ። በዊንዶውስ ደግሞ `Command Prompt` የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፦

```
ipconfig
```

`Default Gateway` ከሚለው ፊት ያለው ነው አድራሻችሁ።

ፓስወርዱ እምቢ ካለ፦ ራውተሩን የገጠመላችሁ ሰው ቀይሮት ይሆናል። ደውላችሁ ጠይቁት። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ ከጥቂት ስህተት በኋላ ለተወሰነ ደቂቃ የሚዘጋ ራውተር አለ።

## ደረጃ 4፦ እንግዳውን ለዩ

አሁን የተገናኙትን ዝርዝር ፈልጉ። ስሙ በየራውተሩ ይለያያል። `Associated Devices`፣ `Connected Devices` ወይም `Client List` ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ `WLAN` ከሚለው ሥር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። `DHCP` በሚለው ሥር ያለው ዝርዝር (አንዳንዱ ራውተር ላይ `Allocated Address` ይላል) አሁን ያሉትን ብቻ አይደለም የሚያሳየው። ቀደም ብለው ገብተው የወጡትንም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ይዞ ይቆያል። «አባረርኩት፣ ግን ዝርዝሩ ላይ አለ» የሚለው ሰው ይህን እያየ ነው። እናንተ `WLAN` ሥር ያለውን እመኑ።

እትዬ ቤት ዝርዝሩ ዘጠኝ አለ። በወረቀታችን ስድስት። ልዩነቱ ሦስት ነው፣ ነገር ግን ሦስት ሌባ አለ ማለት አይደለም።

መለያው ዘዴ ቀላል ነው። የራሳችሁን ዋይፋይ አንድ በአንድ አጥፉ፣ ገጹን አድሱ፣ የትኛው መስመር እንደ ጠፋ አይታችሁ ስሙን ጻፉበት። ስድስቱን እንዲህ ጨረስን። ሰባተኛው የኔው ስልክ ሆኖ ተገኘ፣ ራሴን መቁጠር ረስቼ! ስምንተኛው ስም የለውም። እትዬ «እሱ ነው ሌባው!» አሉ። ቀስ ብለን ቤቱን ስንዞር ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው የዲሽ ሪሲቨር ከጀርባው ትንሽ የዋይፋይ ስቲክ ተሰክቶበታል። ነቀልነው፣ ስምንተኛው ጠፋ። ቸኩለን ብሎክ ብናደርገው ማታ ሪሲቨሩ ኢንተርኔት አጣሁ ይል ነበር።

ዘጠነኛው ቀረ። ፊት ለፊቱ የተጻፈው ማክ አድራሻ በ `DA` ይጀምራል። ማክ አድራሻ ማለት እያንዳንዱ ዕቃ ለኔትወርክ የሚያሳየው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መታወቂያ ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለተኛዋን ፊደል ተመልከቱ። `2`፣ `6`፣ `A` ወይም `E` ከሆነች፣ ብዙውን ጊዜ መታወቂያው ስልኩ ራሱ የፈጠረው ነው፣ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎን አይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች በነባሪ እንዲህ ያደርጋሉ። ስለዚህ ማክ አድራሻውን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት የማን ምርት እንደሆነ አይነግራችሁም።

የእትዬ ራውተር የሲግናሉንም ጥንካሬ ያሳያል። እጄ ላይ ያለው ስልክ -41 ሲል ዘጠነኛው -79 ይላል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ዕቃው ቅርብ ነው። -79 ከግድግዳ ወዲያ ያለ ነገር ነው። ሰዓቱም ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር፣ ፓስወርዱ ከተሰጠው ተከራይ በቀር ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

## ደረጃ 5፦ ብሎክ፣ ከፈለጋችሁ

ብሎክ ማድረግ ይቻላል። `MAC Filter` ወይም `Blacklist` የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ትጨምራላችሁ። ብቻ `Whitelist` ወይም `Permit` የሚለውን እንዳትመርጡ፣ እናንተንም ውጭ ያስቀራችኋል።

እኛም አደረግነው። ዘጠነኛው ወጣ። እትዬ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ቡናው ሳይቆላ በ `7E` የሚጀምር አዲስ እንግዳ መጣ፣ ሲግናሉ ያው -79። ያው ሰውዬ ነው። ስልኩ ላይ የግላዊነት ምርጫውን ሲቀያይር ወይም ሌላ ስልክ ሲያነሣ መታወቂያው ሌላ ይሆናል። ፓስወርዱን እስካወቀ ድረስ ብሎክ አያስቀረውም። እኔ አሁን አሁን ይህን ደረጃ እዘለዋለሁ።

## ደረጃ 6፦ መጀመሪያ የራውተሩን፣ ቀጥሎ የዋይፋዩን

ሁለት ፓስወርድ እንዳለ አትርሱ። አንዱ ዋይፋዩን የምትይዙበት ነው። ሌላው አሁን ወደዚህ ሴቲንግ የገባችሁበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይቀይራል። እንግዳው ግን ውስጥ እያለ የራውተሩን ነባር ፓስወርድ ሞክሮ ከገባ፣ አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድ ከገጹ ላይ ማንበብ ይችላል።

ሀ. የሴቲንግ መግቢያውን ቀይሩ። `Management`፣ `Administration` ወይም `System Tools` ሥር ፈልጉ። አሮጌውን አንዴ፣ አዲሱን ሁለቴ ጻፉ። በወረቀት ጽፋችሁ ከውላችሁ ጋር አስቀምጡት፣ ራውተሩ ላይ ግን አትለጥፉት።

ለ. `WPS` አጥፉ። ይህ ፓስወርድ ሳይጻፍ መገናኛ መንገድ ነው፣ በቁልፍ ወይም በስምንት አሃዝ ፒን። ራውተሩ ፒኑን ሁለት ቦታ ከፍሎ ስለሚያጣራ፣ ቢበዛ 11,000 ሙከራ እንደሚበቃው በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ የፈለገውን ያህል ረጅም ቢሆን ይህ በር ክፍት ከሆነ ዋጋ የለውም። `Disabled` አድርጉትና `Apply` ወይም `Submit` ተጫኑ።

ሐ. የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ። `WLAN` ሥር `Security` ውስጥ ገብታችሁ፦

1. ዓይነቱን `WPA2-PSK` ከ `AES` ጋር አድርጉ። `WPA3` ካለና ዕቃዎቻችሁ አዲስ ከሆኑ እሱ ይሻላል። `WEP` ወይም `Open` የሚል ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው።
2. `WPA Passphrase` ወይም `Pre-Shared Key` የሚለው ውስጥ አዲሱን ጻፉ። ከ8 እስከ 63 ፊደል ይቀበላል።
3. ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ለየብቻ ካለው ሁለቱንም ቀይሩ። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መርሳት በጣም የተለመደ ነው፣ ሌባው በአሮጌው ፓስወርድ በሌላኛው በኩል ይቀጥላል።
4. `Apply` ተጫኑ። ዋይፋዩ ይቋረጥባችኋል። እሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ፓስወርድ ሲመረጥ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ አንድ አመል አለ፣ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር ማድረግ። የእትዬም በ 09 ይጀምር ነበር። ቁጥራቸው ደግሞ «የሚከራይ ቤት አለ» ከሚለው ወረቀት ላይ በግቢው በር ተለጥፏል! ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

የማይገናኙ ሦስት አራት ቃላት በላቲን ፊደል ብትቀጣጥሉ ይበቃል፣ እንደዚህ፦

```
mesob-keremt-bisikleta-83
```

ይህንኑ ገልብጣችሁ አትጠቀሙበት፣ የራሳችሁን ፍጠሩ። ሁሉንም በትንሹ ፊደል አድርጉት። ትልቅና ትንሽ ፊደል የተደበላለቀበትን በቴሌቪዥን ሪሞት መጻፍ ምን ያህል እንደሚያናድድ የሞከረ ያውቀዋል። የቃሉ ርዝመት ደህንነቱን ይሸፍነዋል።

የዋይፋዩን ስም መቀየር ወይም መደበቅ እንደ ቁልፍ አይቆጠርም። ስሙን ባለበት ተዉት።

## ደረጃ 7፦ የራሳችሁን አንድ በአንድ መልሱ

በወረቀታችሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ዕቃው አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ «ማረጋገጥ አልተቻለም» እያለ ሊመላለስ ይችላል። ስሙን ተጭናችሁ `Forget` በሉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አገናኙ። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አንዳንዴ አዲስ ፓስወርድ መጠየቁንም ይረሳሉ፣ ዝም ብለው ያልተገናኙ መስለው ይቀመጣሉ። እነሱም ላይ የድሮውን ስም ሰርዙ።

ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ዕቃው እምቢ ካለ፦ አሮጌ ዕቃ ይሆናል። `WPA3` ብቻ መርጣችሁ ከሆነ ወደ `WPA2` መልሱት።

ሁሉም ከገባ በኋላ ዝርዝሩን ክፈቱ። ቁጥሩ ከወረቀታችሁ ጋር እኩል መሆን አለበት። እትዬ ቤት ስምንት ሆነ፣ ከኔ ስልክ ጋር። ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ጠጣን፣ ስምንት እንዳለ ቆየ።

## ደረጃ 8፦ ፓስወርዱ በማን በኩል ወጣ?

ስልክ ቁጥሩን ከበሩ ላይ አንብቦ የሞከረ ሰው ሊኖር ይችላል። እትዬ ቤት ግን ቀዳዳው ሌላ ነበር። አመሻሽ ላይ ተከራዩ ልጅ ከክፍሉ ወደ እኛ መጣና ሳንጠይቀው ተናገረ። የሰፈር ጓደኛው ስለለመነው ከስልኩ ላይ ያን ጥቁርና ነጭ ሥዕል አሳይቶታል። ክፋት የለውም፣ ፓስወርድ የሰጠ አልመሰለውም።

አንድሮይድ 10 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ስልክ የተገናኘበትን ዋይፋይ `Share` በሚለው በኩል በኪውአር ኮድ ያሳያል። ብዙ ስልክ ላይ ፓስወርዱ ራሱ ከሥዕሉ ሥር ተጽፎ ይገኛል። አይፎንም ከአይኦኤስ 16 ወዲህ የተቀመጠውን ፓስወርድ ለባለ ስልኩ ያሳያል። ስለዚህ «በቃሌ አልነገርኩም፣ ስልኩ ላይ ራሴ ጻፍኩለት» ማለት ከንቱ ነው። ፓስወርዱን ያስገባችሁበት ስልክ ሁሉ ፓስወርዱን ማስተላለፍ ይችላል።

መፍትሔው ለእንግዳና ለተከራይ የተለየ በር መክፈት ነው። ራውተራችሁ `Guest Network` ካለው አብሩት፣ ከሌለው `SSID2` የሚለውን አንቁት። ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስወርድ ስጡት። `Isolation` የሚል ምርጫ ካለ አብሩት፣ እንግዶቹ የቤቱን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ አያገኙትም። ተከራይ ሲለቅ የዚህን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ሪሲቨሩን እንደገና መነካካት ቀረ። ለተከራዩ ልጅ ይህን ሰጠነው፣ የዋናውን ከስልኩ አስጠፋነው።

## ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ

በዋናው ስም ከመጣ፦ ከቤቱ ሰው አንዱ አሳልፎ ሰጥቷል፣ ወይም `WPS` አልጠፋም። አንዳንድ ራውተር ሲነሣ መልሶ ያበራዋል። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አንዴ ፈትሹት።

ዝርዝሩ ልክ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን አሁንም ከዘገመ፦ ሁለተኛ ራውተር ፈልጉ። ተከራይ ባለበት ግቢ ከዋናው ራውተር ኬብል ተስቦ በጓሮ በኩል አሮጌ ራውተር የተሰካበት ቤት ብዙ ነው። እሱ የራሱ ዋይፋይና የራሱ ፓስወርድ አለው። ከሱ ጀርባ አሥር ስልክ ቢኖር ዋናው ራውተር እንደ አንድ ዕቃ ሊቆጥረው ይችላል፣ የዋናውን ፓስወርድ ብትቀይሩም አይነካውም። ከራውተራችሁ ጀርባ የወጣውን እያንዳንዱን ኬብል እስከ መጨረሻው ተከተሉ። የማታውቁት ካለ ነቅላችሁ ማን እንደሚጮህ ጠብቁ።

ሁለተኛ ራውተር ከሌለ፣ ቁጥሩም ልክ ከሆነ፦ ሌባ የለም። የራሳችሁን አንዱን ስልክ ተመልከቱ። እትዬ ቤት ከሁለት ቀን በኋላ ደውዬ ስጠይቅ «ደህና ነው፣ ማታ ማታ ብቻ ይይዘኛል» አሉኝ። የልጃቸው ላፕቶፕ ማታ ማታ ፊልም ሲያወርድ ነበር። እሱን ደግሞ እሳቸው በራሳቸው መንገድ ይጨርሱት።